አንተ፣ እርስዎ፣ እናንተ፦ በችኮላ የተጻፈ የአንድ ኢሜይል ጉዳይ ጥናት

ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደዋይዋ ደሴ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረች፣ አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሆቴል የግዥ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ናት። «ጋሼ፣ አንድ ኢሜይል ልልክ ነው፤ አንዴ ይዩልኝ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮ ሳይወጡ መላክ አለብኝ» አለችኝ። ረቂቁን በቴሌግራም ላከችልኝ። ስህተቷን አላወቀችውም፤ ግን አንድ ነገር እንደጎረበጣት ከድምጿ ያስታውቅ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ሆቴሉ ከአዲስ አበባ አቅራቢ 60 ፍራሽ አዝዞ የክፍያውን ግማሽ አስቀድሞ ከፍሏል። ዕቃው ሐሙስ ኅዳር 17 ቀን ደረሰ፤ ስድስት ጎደለ፣ ሁለት ተቀደደ፣ የቅድሚያ ክፍያው ደረሰኝም አልመጣም። ኢሜይሉ የሚሄደው ለአቅራቢው የሽያጭ ኃላፊ ነው። ረቂቁን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦

> ሰላም፣ እንዴት አለህ? ባለፈው እንደነገርኩህ ኅዳር 3 ቀን 60 ፍራሽ አዝዘን ነበር። ትናንት ዕቃው ደረሰ፤ ስንቆጥረው ግን 54 ብቻ ይሆናል። ከዚያም ውስጥ 2ቱ ተቀደዋል። ሾፌሩን ስጠይቀው የጫኑልኝ ይህንን ነው ይለኛል። ድርጅትዎ ቀሪውን በአስቸኳይ እንዲልክልን በትህትና እንጠይቃለን። ቀሪውን ክፍያ እንከፍላለን፤ የቅድሚያ ክፍያውን ደረሰኝ ግን አልላካችሁም። እስከ ሐሙስ ካልላክህ ሥራ አስኪያጃችን ከሌላ ቦታ እንገዛለን ብለዋል። እባክዎ መልስህን ቶሎ አሳውቀኝ።

ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ነው። ተቀባዩ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ በሦስት አጠራር ተጠርቷል፤ አንዴ አንተ፣ አንዴ እርስዎ፣ አንዴ እናንተ። ጊዜውም እንዲሁ ከኀላፊ ወደ አሁን፣ ከአሁን ወደ መጪው ይዘላል። ለማረም ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፦ «ይህን ከየት ከየት አመጣሽው?»

መልሷ የችግሩን ሥር አሳየ። የመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ከሰውየው ጋር በቴሌግራም ስትጻጻፍ ከቆየችበት ንግግር የተወሰዱ ናቸው፤ እዚያ «አንተ» እና «አንቺ» ተባብለው ለምደዋል። «ድርጅትዎ … በትህትና እንጠይቃለን» የሚለው ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ ለሌላ አቅራቢ ጽፎት ከነበረ ደብዳቤ የተቀዳ ነው። የሾፌሩ ነገር ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ በቃል ስትነግር የነበረው ወሬ ነው፤ እንደተናገረችው ጻፈችው። እያንዳንዱ ቁራጭ በመጣበት ቦታ ልክ ነበር። ስህተቱ የተወለደው ሦስቱ ሲሰፉ ነው። ስለዚህ ቅይጥ አክብሮትና ቅይጥ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ስፌቱ ያለበት ቦታ ላይ ሁለቱም ይሰነጠቃሉ። በዚህ ረቂቅ «ይለኛል» ከሚለው ወደ «ድርጅትዎ» ስንሻገር ጊዜውም፣ አክብሮቱም፣ «እኔ» የሚለውም ወደ «እኛ» በአንድ እርምጃ ተለውጧል።

መጀመሪያ የተቀባዩን ነገር ወሰንን። «ግልባጭ ለማን ነው?» አልኳት። ለራሷ ሥራ አስኪያጅና ለአቅራቢው ባለቤት እንደሆነ ነገረችኝ። ይህ ጉዳዩን ጨረሰው። ለሰውየው ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ከላይ እስከ ታች «አንተ» ብትለው አንዳች ነውር አልነበረውም፤ እንዲያውም ለለመዱት ሰው ድንገት «እርስዎ» ማለት ቅያሜ ይመስላል። አለቃው ከሚያነበው ጽሑፍ ላይ ግን ሰውየውን «አንተ» ማለት በሰው ፊት ማቅለል ነው። ወሎ ውስጥ ታላቅን በቤት «አንቱ» እያልን ያደግን ሰዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም። የቢሮው ጽሑፍ «እርስዎ» ይላል እንጂ ግሡ ያው ነው፤ አንቱም መጡ፣ እርስዎም መጡ።

ከሁሉ የከፋው ዓረፍተ ነገር ስምንተኛው ነበር። «ካልላክህ ሥራ አስኪያጃችን … ብለዋል»። የራሷን አለቃ «ብለዋል» ብላ አከበረች፤ የሌላውን ሰው በዚያው ዓረፍተ ነገር «ካልላክህ» አለችው። «አንተ» ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም፤ ከጎኑ አንቱታ ሲቆም ነው የሚቆረቁረው። አንባቢው ማክበር እንደምትችል ያያል፤ ለእሱ እንደነፈገችውም ያያል። እሷ ግን በፍጹም አላሰበችውም። ይህን ሳነብላት ስልኩ ውስጥ «ወይኔ!» ስትል ሰማሁ።

«አንተ» የቀረበትን ሁሉ ለማግኘት «ህ» የሚለውን ፊደል በኮምፒውተሩ የመፈለጊያ ሳጥን እንድትፈልግ ነገርኳት። ስድስት ቦታ አገኘች፦ አለህ፣ እንደነገርኩህ፣ ይህንን፣ በትህትና፣ ካልላክህ፣ መልስህን። «ይህንን» እና «በትህትና» ንጹሕ ናቸው፤ አራቱ ይታረማሉ። ዘዴው ጠቃሚ ቢሆንም አንድ ነገር ያመልጠዋል። «አሳውቀኝ» ውስጥ «ህ» የለም። የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ በወንድ ነጠላ ሲነገር ምንም ቅጥያ አያወጣም፤ «አንተ» መሆኑ የሚታወቀው ፊት ላይ «ይ» ወይም «ያ» ባለመኖሩ ነው። «ያሳውቁን» ቢሆን ኖሮ አክብሮቱ ከፊትም ከኋላም ይታይ ነበር። «እባክዎ መልስህን ቶሎ አሳውቀኝ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ «እባክዎ» የምንጽፈው እንደ አንድ የደረቀ ቃል ነው፣ እጃችን «ዎ»ውን አይሰማውም፣ ቀጥሎ ያለው ግስ ወደ ለመደው ይመለሳል። ስለዚህ ትእዛዞችን ፈልጎ ሳይሆን አንብቦ ነው የሚያገኙት፤ በተለይ «እባክዎ» ካለበት ቀጥሎ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ግን የበለጠ ያሳሰበኝ ነው፤ ብዙ ሰው አንቱታውን ካስተካከለ በኋላ ሥራው አልቋል ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነውና። እሷ ፈጠን ብላ «አልላካችሁም»ን «አልላኩም»፣ «ካልላክህ»ን «ካልላኩ» አደረገቻቸው። ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን አሁን አንብቡት፦ «እስከ ሐሙስ ካልላኩ ሥራ አስኪያጃችን ከሌላ ቦታ እንገዛለን ብለዋል።» ማን ነው ካልላከ? በአማርኛ «እርስዎ ላኩ»፣ «እሳቸው ላኩ» እና «እነሱ ላኩ» አንድ ቅርጽ ናቸው። «አንተ» በሚባልበት ጊዜ ግሡ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል፤ «እርስዎ» ሲባል ግሡ ባለቤቱን ይሸሽጋል። ከአጠገቡ በአንቱታ የተጠሩ ሥራ አስኪያጅ ካሉ ደግሞ አንባቢው ለአፍታም ቢሆን ያልላኩት እሳቸው ይመስሉታል። «ደረሰኙን አልላኩም» የሚለውም እንዲሁ፤ ሰውየው «ማን? እኔ? ሂሳብ ክፍሎቹ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፣ ወይም ሳይጠይቅ ሂሳብ ክፍሎቹ ናቸው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ባለቤቱን በግልጽ መጥራት ነው፤ «እርስዎ ካልላኩልን» እንደ ማለት። ሁለተኛውና እኔ የመረጥኩት ግን ዓረፍተ ነገሩን ከሰውየው አንሥቶ ዕቃው ላይ ማቆም ነው፦ «ደረሰኙ እስካሁን አልደረሰንም»፣ «እስከተባለው ቀን ካልደረሱን»። በዚህ ጊዜ ማን እንዳልላከ የሚያጠያይቅ ነገር የለም፤ እኛ ዘንድ አለመድረሱ ብቻ ይነገራል፤ እሱም እርግጠኛ የምንሆንበት ብቸኛው ነገር ነው። ክሱም ይለዝባል። ሁልጊዜ እንዲህ ይደረግ አልልም። አንድ ሰው የገባው ቃል ኖሮ ያንን ቃል ማስታወስ ሲያስፈልግ ባለቤቱን መሸሸግ ጉዳዩን ያለሰልሰዋል። እዚህ ግን ያልተላከው በማን ጥፋት እንደሆነ አላወቅንም ነበር።

«እናንተ» የት ይገባል? ለድርጅት ሲጻፍ «ድርጅታችሁ» ማለት የተለመደ ነው፣ ስህተትም አይደለም። ይህ ኢሜይል ግን ሰላምታው ለአንድ ሰው ስለሆነ «ድርጅትዎ» ይዘን «እናንተ»ን አወጣነው። አንዱን መያዝ ነው ቁም ነገሩ። «እኔ»ንም ከጽሑፉ አወጣን፤ የጠየቀው ሆቴሉ ነው።

ወደ ጊዜው እንምጣ። እዚህ እሷ መጀመሪያ የወሰደችው መንገድ ብዙዎች የሚወስዱት ነው። «ጊዜው ይምታታል» ስላት ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረገችው፦ አዝዘናል፣ ደርሷል፣ ተቆጥሯል፣ 54 ሆኗል፣ ተቀደዋል፣ ብሏል። ወጥ ሆነ፤ ግን እንደ ከበሮ ምት ሆነ፣ የነገሩ ቅደም ተከተልም ጠፋ። «ደርሷል» የሚለው ቅርጽ የተፈጸመውን ድርጊት ከነውጤቱ ዛሬ ላይ ያቆመዋል። ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ስድስት የዛሬ ሁኔታዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱ አይታይም። ጊዜን ማስተካከል ሁሉንም ግስ አንድ መልክ ማልበስ አይደለም። በዚህ ኢሜይል ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ የሆነው፣ ዛሬ ያለው፣ የምንፈልገው። እያንዳንዱ የራሱ ግስ አለው፤ ችግሩ አንዱ ሌላው ውስጥ ሲገባ ነው።

«አዝዘን ነበር» ላይ ቆምን። «ነበር» ከቦዝ አንቀጽ ጋር ሲመጣ «ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ» የሚል ስሜት ይጥላል። «ነግሬህ ነበር» ሲባል ወቀሳ የምንሰማው ለዚህ ነው። «60 ፍራሽ አዝዘን ነበር» ሲባል ደግሞ ትእዛዙ የተሻረ፣ ወይም የሐሳብ ለውጥ የተደረገ ሊመስል ይችላል። የቢሮ አማርኛ ለዚህ ያዘጋጀው ጥሩ ማሰሪያ አለ፦ «ማዘዛችን ይታወሳል»። ይህ አባባል ስለተደጋገመ ብዙ ሰው ይሰለቸዋል፤ እኔ ግን በትክክለኛ ቦታው ሳየው ደስ ይለኛል። ያለፈውን ነገር እንደ ጸና ነገር አስቀምጦ ያስታውሳል፣ አይወቅስም።

«54 ብቻ ይሆናል» የሚለው ከሁሉም ይበልጥ ሆቴሉን የሚጎዳ ነበር። በአፍ ሲነገር «ስንቆጥረው 54 ይሆናል» ማለት ያስኬዳል፤ ቆጣሪው ፊታችን ቆሞ እንዳለ ያህል ነው። በጽሑፍ ግን «ይሆናል» ግምትም ነው። «ወደ ሃምሳ ይሆናል» እንላለን። ገንዘብ የሚጠየቅበት ቁጥር በግምት ግስ ከተጻፈ፣ ተቀባዩ «እስቲ እንደገና ቁጠሩት» ቢል አይፈረድበትም። «54 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል» ሲባል ቆጠራው አልቋል።

«2ቱ ተቀደዋል» ግን ከሰዋስው አልፎ እውነቱን መጠየቅ ነበረብን። ቅርጹ ዛሬ የተቀደዱ መሆናቸውን ይናገራል፤ መቼ እንደተቀደዱ አይናገርም። መኪና ላይ ነው? ወይስ የሆቴሉ ሠራተኞች ደረጃ ላይ ሲጎትቷቸው? «ተቀደው ደርሰዋል» ብንል የመቀደዱ ጊዜ ከመድረሱ በፊት ይሆናል፤ ቦዝ አንቀጹ ሁለቱን ድርጊቶች በቅደም ተከተል ያስቀምጣቸዋል። ግን ይህን ለማለት ማወቅ ያስፈልጋል። «ሲወርዱ አይተሻል?» አልኳት። አላየችም። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ንብረት ክፍሉ ሄደች፤ ኮቴዋ ይሰማኝ ነበር። ንብረት ያዡ በርክክቡ ሰነድ ላይ «2 የተቀደደ» ብሎ ጽፎ ሾፌሩን አስፈርሞታል። እሷ ይህን ሰነድ መኖሩን እንኳ አላወቀችም ነበር። አንድ ግስ ለማስተካከል ስንል ለክርክሩ ዋናውን ማስረጃ አገኘን።

«ይለኛል» የወሬ አማርኛ ነው። ያለፈን ነገር ስናወራ «እሄድና እጠይቀዋለሁ፣ እሱ እንዲህ ይለኛል» እንላለን፤ ሰሚው ያለፈ መሆኑን ከአነጋገሩ ያውቃል። በኢሜይል ግን ሾፌሩ እስካሁን እየደጋገመ የሚናገር ይመስላል። «ገልጿል» አልነው።

አሉታው የራሱ ወጥመድ አለው። «ላከ» እና «ልኳል» የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም ሲካዱ ግን አንድ ይሆናሉ፤ አልላከም። ስለዚህ «አልደረሰንም» ብቻውን ያኔ አለመድረሱን ይናገር ወይም እስከ ዛሬ አለመድረሱን፣ ከግሡ አይታወቅም። «እስካሁን» የሚለውን ቃል ጨመርን፤ እሱ ነው ጊዜውን የሚሸከመው።

«እንከፍላለን»ም እንዲሁ ብቻውን ይወላውላል። «በየወሩ እንከፍላለን»ም «ነገ እንከፍላለን»ም ያው ቅርጽ ነው። ቅድመ ሁኔታም ስላልነበረው ፍራሹ ቢመጣም ባይመጣም እንከፍላለን የሚል ቃል ኪዳን ሆኖ ነበር። «እነዚህ እንደደረሱን ቀሪውን ክፍያ እንፈጽማለን» ሲባል ጊዜውም ሁኔታውም ታሰረ።

መጨረሻ ላይ «ትናንት» ቀረ። ኢሜይሉ የሚላከው ዓርብ ማታ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ሰኞ ጠዋት ሊያነበው ይችላል። ለእሱ «ትናንት» እሑድ ነው። «እስከ ሐሙስ»ም የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አይናገርም። በሁለቱም ቦታ ቀኑን በቁጥር አስገባን። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ የመጣው «ቀሪውን» አንዴ ፍራሽ፣ አንዴ ገንዘብ ነበርና የመጀመሪያውን «የጎደሉትን» አደረግነው።

የተላከው ይህ ነው፤ የተቀባዩን ስም ብቻ ቀይሬዋለሁ፦

> ጉዳዩ፦ የጎደሉ ፍራሾችንና የቅድሚያ ክፍያ ደረሰኝን ይመለከታል
>
> ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣
>
> ኅዳር 3 ቀን 60 ፍራሽ ማዘዛችን ይታወሳል። ዕቃው ኅዳር 17 ቀን ደርሶ ሲቆጠር 54 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህም ውስጥ 2ቱ ተቀደው ደርሰዋል፤ ይህም ሾፌሩ በፈረመበት የርክክብ ሰነድ ላይ ተመዝግቧል። ሾፌሩ ሲጠየቅ የተጫነለት ይኸው ብቻ መሆኑን ገልጿል። የቅድሚያ ክፍያው ደረሰኝም እስካሁን አልደረሰንም።
>
> ስለዚህ ድርጅትዎ የጎደሉትን 6 ፍራሾች፣ የተቀደዱትን የ2ቱን ምትክ እና ደረሰኙን እስከ ሐሙስ ኅዳር 24 ቀን እንዲልክልን በትህትና እንጠይቃለን። እነዚህ እንደደረሱን ቀሪውን ክፍያ እንፈጽማለን። እስከተባለው ቀን ካልደረሱን ግን ከሌላ አቅራቢ ለመግዛት እንገደዳለን።
>
> እባክዎ ምላሽዎን ያሳውቁን።
>
> ከሰላምታ ጋር

«እንገደዳለን» ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሷ የሥራ አስኪያጁን ስም ማስገባት ፈልጋ ነበር፤ ማስፈራሪያው ክብደት እንዲኖረው። እኔ አልተስማማሁም። የአለቃን ቃል በጥቅስ ማምጣት እሷን መልእክተኛ ያደርጋታል፣ «እንገዛለን» የሚለው «እኛ»ም የማን እንደሆነ ያደበዝዛል። ደግሞም ሥራ አስኪያጁ በግልባጭ ስላሉ ሰውየው ያያቸዋል። ተስማማች። 11 ሰዓት ከ25 ላይ ላከችው፤ ሁለታችንም ከጀመርን ሃያ አምስት ደቂቃ አልሞላንም።

ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መልስ መጣ። ስድስቱ ፍራሾች አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ሳይጫኑ ቀርተው መገኘታቸውንና በሚቀጥለው መኪና እንደሚላኩ ይገልጻል፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ስለተቀደዱት ሁለቱ ግን የርክክቡን ሰነድ ፎቶ እንድትልክ ይጠይቃል። ላከች፤ ምትኩም ከስድስቱ ጋር እንዲጫን ተስማሙ። መልሱ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ሰውየው ራሱ በቴሌግራም «እንዴት ነሽ? ማክሰኞ ይጫናል» ብሎ ጻፈላት፤ እሷም «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ብላ መለሰችለት።